ዜና ስናሳጥር «ለምን?» እንዳይጠፋብን

ዛሬ በቋንቋ አምዳችን ብዙ ዓረፍተ ነገሮችን ወደ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ስለመጠቅለል እጽፍላችኋለሁ። ይሄን ርዕስ የመረጥኩት ራሴ ተሳስቼበት ሰው ስላስቀየምኩ ነው።

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ለሰልፍ የሚነበብ ዜና እንዳዘጋጅ ታዘዝኩ። በደብተሬ የያዝኩት እንዲህ ይላል፦

1. ማክሰኞ ሌሊት ከባድ ዝናብ ዘነበ።
2. የቤተ መጻሕፍቱ ጣሪያ አፈሰሰ።
3. ብዙ መጻሕፍት ረጠቡ።
4. መጻሕፍቱ እንዲደርቁ ጥበቃው ጠዋት መስኮቶቹን ከፈቱ።
5. ቤተ መጻሕፍቱ ለሁለት ቀን ተዘጋ።

«ዜናው ይጠር» ስለተባልኩ ቸኩዬ እንዲህ አደረግኩት፦ «ጥበቃው መስኮት ከፍተው መጻሕፍት በዝናብ ስለረጠቡ ቤተ መጻሕፍቱ ለሁለት ቀን ተዘጋ።»

ሐሙስ ጠዋት ተነበበ። በእረፍት ሰዓት ተማሪው ሁሉ «ጋሼ መስኮት ክፍት ትተው ሄደው ነው አሉ» ይል ጀመር። ጋሼም ጠሩኝና «ልጄ፣ እኔ እኮ የከፈትኩት መጻሕፍቱ እንዲደርቁ ብዬ ነው» አሉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ማታ ዜናዬን ደጋግሜ አነበብኩት። የዋሸሁት ቃል የለም። ጋሼ መስኮት ከፍተዋል፣ መጻሕፍቱም ረጥበዋል። ታዲያ ጥፋቱ የቱ ጋ ነው? የአማርኛ መምህራችንን ስጠይቃቸው ሦስት ነገር አሳዩኝ።

አንደኛ፣ «ከፍተው» የሚለው ቃል ነው። እንዲህ ያለው ግስ ብዙ ጊዜ የሚናገረው ቅደም ተከተልን ነው። «በልቶ ተኛ» ስንል መጀመሪያ በላ፣ ከዚያ ተኛ ማለታችን ነው። «ወድቆ እጁ ተሰበረ» ስንል ግን ሰሚው ምክንያቱን ራሱ ይጨምርበታል፤ የተሰበረው በመውደቁ ነው ብሎ ያስባል። እኔም «መስኮት ከፍተው መጻሕፍት ረጠቡ» ስል ሰሚው «አሃ፣ በመክፈታቸው ነው» አለ።

ሁለተኛ፣ ቦታውን ቀየርኩት። በደብተሬ መስኮቱ የተከፈተው መጻሕፍቱ ከረጠቡ በኋላ ነበር። እኔ ወደ ፊት አመጣሁት። በአማርኛ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይቀድማል፣ ውጤቱ ከነግሱ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ስለዚህ ያስቀደምነው ነገር ምክንያት ይመስላል።

ሦስተኛ፣ ለማሳጠር ብዬ «ጠዋት» እና «እንዲደርቁ» የሚሉትን ቃላት ጣልኩ። ጋሼን ከወቀሳ የሚያድኗቸው እነሱ ነበሩ። ጣሪያው ማፍሰሱንም ስለዘለልኩ ለርጥበቱ የቀረው ምክንያት መስኮቱ ብቻ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ነው የምሠራው። መጀመሪያ ዓረፍተ ነገሮቹን ከላይ ወደ ታች እጽፍና በእያንዳንዱ ላይ «ለምን?» ብዬ እጠይቃለሁ። ቤተ መጻሕፍቱ ለምን ተዘጋ? መጻሕፍት ስለረጠቡ። ለምን ረጠቡ? ጣሪያው ስላፈሰሰ። ለምን አፈሰሰ? ስለዘነበ። መልስ በተገኘ ቁጥር ከምክንያቱ ወደ ውጤቱ ቀስት እሥላለሁ። ቀስቱ 1፣ 2፣ 3፣ 5 ሆኖ ሄደ። 4ኛው ከ3ኛው ይነሣል እንጂ ወደ 5ኛው አይሄድም። ቅርንጫፍ ነው ማለት ነው።

በአንድ ቀስት መስመር ላይ ያሉት በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጠቀለላሉ፤ ቅርንጫፉ ለብቻው ይጻፋል። ሁሉንም በ«ስለ» ካያያዝነው ግን «ስለዘነበ፣ ስላፈሰሰ፣ ስለረጠቡ» እየተባለ አንባቢው ትንፋሽ ያጥረዋል። ስለዚህ «ስለ»ን ለመጨረሻው ውጤት ቅርብ ለሆነው ምክንያት እተወዋለሁ፣ ለሌሎቹ «በ»ን እጠቀማለሁ። ዓርብ ጠዋት የተነበበው ማስተካከያ ይሄ ነው፦

«ማክሰኞ ሌሊት በዘነበው ከባድ ዝናብ ጣሪያው በማፍሰሱ ብዙ መጻሕፍት ስለረጠቡ ቤተ መጻሕፍቱ ለሁለት ቀን ተዘጋ። ጥበቃውም መጻሕፍቱ እንዲደርቁ ጠዋት መስኮቶቹን ከፍተዋል።»

አንድ ዓረፍተ ነገር አልሆነም፣ ሁለት ሆነ። በግድ አንድ ይሁን ካልን ጋሼን እንደገና እንወቅሳለን።

በመጨረሻ ማረጋገጫ አለ። ዜናውን ነገሩን ለማያውቅ ጓደኛ አንብቡለትና «ለምን ተዘጋ?» «ለምን ረጠቡ?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ ከቀስቶቻችሁ ጋር ከገጠመ ጥሩ ነው። ካልገጠመ ዓረፍተ ነገሩን ፈታችሁ እንደገና ጠቅልሉት። እኔ የመጀመሪያውን ዜና ለታናሽ እህቴ ባነብላት ኖሮ «ጋሼ ስለከፈቱት» ትለኝ ነበር፣ ስህተቴም ቤት ውስጥ ይቀር ነበር።

እስቲ እናንተም ሞክሩ፦ «መብራት ጠፋ። ደወል ተደወለ። ድምፅ ማጉያው አልሠራም። ከኋላ የቆሙ ተማሪዎች ዜናውን አልሰሙም።» ቀስት የሌለውን ለይታችሁ ሌሎቹን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅልሉ። መልሳችሁን በሚኒ ሚዲያ ሣጥን ውስጥ ጨምሩ፤ ትክክለኛውን በሚቀጥለው እትም እናወጣለን።

ጋሼ፣ ይሄን ካነበቡት አሁንም ይቅርታ።