የጋሞ ገበሬ መሬት በአማካይና በመሀል ከፋይ ሲለካ

በአርባ ምንጭ ዙሪያ ያለው ቆላ ሙዝና ማንጎ ያበቅላል፤ ወደ ጨንቻና ወደ ዶርዜ ስንወጣ ደግሞ እንሰትና ገብስ እናገኛለን። በደጋው ሕዝቡ ብዙ፣ ማሳው ግን ትንሽ ስለሆነ «አንድ ገበሬ ስንት መሬት አለው?» የሚለው ጥያቄ እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም። እኔም በሒሳብ ክፍል የተማርነውን አማካይ፣ መሀል ከፋይና ሂስቶግራም በዚሁ ጥያቄ ላይ አድርጌ ለአንባቢዎች ላስረዳ አስቤአለሁ።

ቀድሞ የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ይባል የነበረው፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የተባለው መሥሪያ ቤት፣ በግብርና ናሙና ጥናቱ ገበሬዎችን በመሬታቸው ስፋት ሲመድብ መደቦቹ እኩል አይደሉም። ከ0.10 ሄክታር በታች፣ ከ0.10 እስከ 0.50፣ ከ0.51 እስከ 1.00፣ ከ1.01 እስከ 2.00፣ ከ2.01 እስከ 5.00 እያለ ወደ ላይ ይሄዳል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ብዙው ገበሬ የሚገኘው ከታች ነውና፣ እዚያ መደቡ ካልጠበበ ልዩነታቸው አይታይም።

እኔ መደቦቹን ከዚያ ወስጄ የቤተሰቦቹን ቁጥር ግን ለልምምድ ስል ራሴ አስቀምጫለሁ፤ ስለዚህ ማንም የጨንቻ ቆጠራ ነው ብሎ እንዳይወስደው። መቶ ቤተሰብ አለን እንበል፦

ከ0 እስከ 0.1 ሄክታር፦ 8 ቤተሰብ
ከ0.1 እስከ 0.5፦ 40
ከ0.5 እስከ 1፦ 24
ከ1 እስከ 2፦ 20
ከ2 እስከ 5፦ 8

አማካዩን ለማግኘት የእያንዳንዱን ቤተሰብ ትክክለኛ መሬት ስለማናውቅ የመደቡን መካከል እንወስዳለን። መካከሎቹ 0.05፣ 0.3፣ 0.75፣ 1.5 እና 3.5 ናቸው። እያንዳንዱን በቤተሰቡ ቁጥር ስናባዛ 0.4፣ 12፣ 18፣ 30 እና 28 ይሆናል፤ ድምሩ 88.4 ሄክታር ነው። ለ100 ሲካፈል አማካዩ 0.88 ሄክታር ያህል ይመጣል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ከላይ ያሉት 8 ቤተሰቦች ብቻ 28 ሄክታር፣ ማለት የጠቅላላውን ሲሶ ያህል ይዘዋል።

መሀል ከፋዩን ስንፈልግ ግን ቤተሰቦቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ አሰልፈን 50ኛው ላይ እንቆማለን። 8 እና 40 ሲደመር 48 ነውና 50ኛው በሦስተኛው መደብ ውስጥ ሁለት ቤተሰብ ያህል ገባ ይላል። በዚያ መደብ 24 ቤተሰቦች በ0.5 ሄክታር ወርድ ላይ እኩል ተበትነዋል ብለን፣

0.5 + (2 ÷ 24) × 0.5 = 0.54 ሄክታር

እናገኛለን። በዚሁ መንገድ ከአማካዩ በታች ያሉትን ብንቆጥር ወደ 66 ይደርሳሉ። እንግዲህ ዘር ወይም ማዳበሪያ በአማካዩ ልክ ለእያንዳንዱ ቤት ቢታደል፣ ከሦስቱ ሁለቱ ከማሳቸው በላይ ይቀበላሉ።

አሁን ወደ ሥዕሉ እንለፍ። ብዙ ተማሪ የዓምዱን ቁመት በቤተሰቡ ቁጥር ልክ ይሠራል። እንዲህ ከተሠራ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ዓምድ ቁመታቸው እኩል 8 ይሆናል፤ የመጨረሻው ግን ወርዱ ሠላሳ እጥፍ ነው። ዓይን ደግሞ የሚያየው ስፋትን ነው። በዚያ ሥዕል ከመቶው ስምንቱ ብቻ የሆኑት ቤተሰቦች ከቀለሙ አንድ ሦስተኛ ያህል ይወስዳሉ፤ የጋሞ ደጋም የባለ ሰፊ እርሻ አገር መስሎ ይታያል።

መፍትሔው ቁጥሩን ለመደቡ ወርድ ማካፈል ነው፤ ይህም የድግግሞሽ ጥግግት ይባላል። 8 ለ0.1 ሲካፈል 80፣ 40 ለ0.4 ሲካፈል 100፣ ከዚያ 48፣ 20 እና በመጨረሻ 8 ለ3 ሲካፈል 2.67 ነው። እኔ በአደባባይ መስመር ላይ አንዱን ሄክታር በ3 ሳንቲሜትር፣ በቁም መስመር ላይ ጥግግት 10ን በ1 ሳንቲሜትር ወሰንሁ። ቁመቶቹ 8፣ 10፣ 4.8፣ 2 እና 0.27 ሳንቲሜትር ሆኑ። የመጨረሻው ዓምድ 9 ሳንቲሜትር ርዝመት ያለው፣ ከመሬት የተጣበቀ ቀጭን ሰቅ ሆነ።

ትክክል መሥራታችን የሚታወቀው ስፋቱን በመለካት ነው። የመጀመሪያው ዓምድ 0.3 በ8፣ የመጨረሻው 9 በ0.267 ሲባዛ ሁለቱም 2.4 ካሬ ሳንቲሜትር ይሰጣሉ፤ ሁለቱም ስምንት ቤተሰብ ናቸውና። የአምስቱ ድምር 30 ካሬ ሳንቲሜትር ነው፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ 0.3 ይደርሰዋል። በቁም መስመሩ አጠገብ «የቤተሰብ ብዛት» ሳይሆን «የቤተሰብ ብዛት በአንድ ሄክታር ወርድ» ተብሎ መጻፍ አለበት።

አንድ ነገር ይቀራል። የመሥሪያ ቤቱ ሠንጠረዥ የሚያልቀው «ከ10 ሄክታር በላይ» በሚል መጨረሻው ባልተዘጋ መደብ ነው። በእኛ ምሳሌ የመጨረሻው መደብ «ከ2 በላይ» ብቻ ቢባል ኖሮ መካከሉን መገመት ግድ ይሆንብን ነበር። በ3.5 ፈንታ 5 ብለን ብንገምት አማካዩ ከ0.88 ወደ 1.00 ይዘላል፤ መሀል ከፋዩ ግን ያው 0.54 ነው፤ ከላይ ያሉት ስንት እንደሆኑ እንጂ ስንት እንዳላቸው አይጠይቅምና።