ቁጥሩ የልብሱ ነው ወይስ የገላ?

ልጄ፣ የቡ ከተማ ላይ ሱቅ ከፍተሽ ልብሱን በቴሌግራም እያሳየሽ እንደምትሸጪ ሰምቼ ያወጣሽውን የልኬት ሥዕል አየሁት። ሥዕሉ ጥሩ ነው። ከሥሩ የተጻፈው ግን «ሁሉም ሳይዝ አለ» ብቻ ነው። ገዢሽ ቡናዋን ሸጣ በዓመት አንዴ ደህና ልብስ የምትገዛ የገጠር ሴት ልትሆን ትችላለች። ልብሱ ካልሆናት ለመመለስ ሁለተኛ የባጃጅ ሒሳብ ትከፍላለች፤ አለዚያም ሳጥን ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ዕድሜዬን በሙሉ ልብስ ስሰፋ ስለኖርሁ፣ ከሥዕሉ በታች ምን መጻፍ እንዳለበት የማውቀውን ልንገርሽ።

1. ከሁሉ በፊት ቁጥሩ የማን እንደሆነ ጻፊ። «ደረት 100» ብለሽ ብትተዪው አንዷ የራሷ ደረት 100 ሴንቲ ስለሆነ ልክ ነው ብላ ትወስደዋለች። ልብሱ ራሱ 100 ከሆነ ግን ገላዋ ላይ ይጣበቃል፤ እጇን ስታነሣ ብብቱ ይተረተራል። የማይሳብ ጨርቅ ከገላው ቢያንስ ስድስት፣ ደህና ለመንቀሳቀስ ደግሞ ከስምንት እስከ አሥር ሴንቲ ትርፍ ይፈልጋል። ስለዚህ 100 ሴንቲ የሆነ ሸሚዝ ደረቷ 90 ወይም 92 ለሆነ ሴት ነው። ሹራብና ቲሸርት ስለሚሳቡ ያለ ትርፍም ይለበሳሉ። «ቁጥሩ የልብሱ ነው» የምትለዋን አጭር ዓረፍተ ነገር ካልጻፍሽ የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው።

2. ገዢዋ ገላዋን እንድትለካ አታስገድጃት። ብቻዋን ሆና ሜትር ስትይዝ ከኋላ ይወርድባታል፤ ወይ ሆዷን ትስባለች፣ ወይ ሜትሩን ታጠብቀዋለች። ከዚያ ይልቅ የሚስማማትን የራሷን ልብስ አልጋ ላይ ዘርግታ ትለካ። ቁልፉ ይቆለፍ፣ ጨርቁ ሳይወጠር በእጅ ይስተካከል፤ ከዚያ ከአንዱ ብብት ሥር እስከ ሌላው ይለካና በሁለት ይባዛል። 50 ካገኘች ልብሷ 100 ነው ማለት ነው፤ የራሷን ቁጥር ካንቺ ቁጥር ጋር ማስተያየት ብቻ ይቀራታል። ሜትር ከሌላት ሲባጎ ይበቃል። የሹራብ ክር ግን ስለሚለጠጥ ያሳስታል። ሲባጎውን በልኩ ቋጥራ ከሰው ጋር ብትልክልሽ አንቺው ሱቅ ውስጥ ትለኪዋለሽ። እኔ በስልክ ከሚነገረኝ ቁጥር ይልቅ የተቋጠረ ሲባጎ አምናለሁ።

3. አባያ ላይ ረጋ በይ፤ በኛ አካባቢ ለዒድና ለአረፋ ብዙ የምትሸጪው እሱን ነው፣ ብዙ ስሕተት የሚሠራውም እሱ ላይ ነው። መለያው ላይ 52፣ 54፣ 56 ተብሎ ይመጣል። ይህ ቁጥር የልብሱ ርዝመት ነው፤ ከአንገት ሥር ትከሻው ላይ ተጀምሮ እስከ ታችኛው ጠርዝ በኢንች ይቆጠራል። አንድ ኢንች 2.54 ሴንቲ ስለሆነ 52 ማለት 132 ሴንቲ፣ 54 ማለት 137፣ 56 ማለት 142 ይሆናል። ስለ ስፋቱ ቁጥሩ ምንም አይናገርም። ወፍራምና አጭር የሆነች ሴት «ሰፊ ይሁንልኝ» ብላ 58 ትወስድና መሬት ስትጠርግበት ትኖራለች።

ቁመቷ 1.60 የሆነች አንዲት ልጅ አስቢ። በባዶ እግሯ ቆማ ከአንገቷ ሥር እስከ መሬት ሲለካ 135 ሴንቲ መጣ እንበል። 54 ቁጥር 137 ስለሆነ ሁለት ሴንቲ መሬት ይጎተታል። አራት ሴንቲ ተረከዝ ያለው ጫማ ካደረገች ከመሬት ሁለት ሴንቲ ከፍ ይልላታልና ለሠርግ ያማረ ነው። በክረምት የቡ ጭቃ ላይ በጠፍጣፋ ጫማ የምትሄድበት ከሆነ ግን 52 ይሻላታል፤ ወይም 54ቱን ወስዳ ታሳጥረዋለች። ማሳጠር ቀላል ሥራ ነው፤ ጠርዙ ላይ ጥልፍ ወይም ጨሌ ካለ ግን አይቻልም፣ ቢቻልም ጌጡ ይበላሻል። ስለዚህ ጠርዙ የተጠለፈ መሆኑን ጽሑፉ ላይ ተናገሪ።

ሌላም አለ። ደረቷ ሞላ ያለ ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ስትለብሰው ልብሱ ከፊት ወደ ላይ ይሰበሰባል፤ ከኋላ መሬት ሲነካ ከፊት ቁርጭምጭሚቷ ይታያል። እንዲህ ያለችውን ሜትሩን በደረቷና በሆዷ ላይ አሳልፋ እንድትለካ ንገሪያት።

4. ጂንስ ወገቡ ላይ የተጻፈውን አትመኚው። 30 የሚለውን ዘርግተሽ ስትለኪው ከዳር እስከ ዳር 41 ሴንቲ፣ ዙሪያው 82 ሆኖ ልታገኚው ትችያለሽ፤ ይህ ከ32 ኢንች በላይ ነው። አንዳንዱ ፋብሪካ ገዢውን ቀጭን ነህ ለማለት ቁጥሩን ያሳንሳል፤ አንዳንዱ ደግሞ ሱሪው ከእምብርት ወርዶ ዳሌ አጠገብ ስለሚታሰር ሰፍቶ ይቆረጣል። የወገቡን፣ የዳሌውንና የእግሩን የውስጥ ርዝመት ራስሽ ለክተሽ ጻፊ። ዳሌውን አትርሺ፤ የኛ ሴቶች ጂንስ የሚመልሱት ወገቡ ሆኖ ዳሌው እምቢ ሲላቸው ነው።

በሁለት ቁጥር መካከል ያለችውን ትልቁን ውሰጂ በያት። ማጥበብ ይቻላል። ማስፋት ግን ስፌቱ ውስጥ ትርፍ ጨርቅ ይፈልጋል፤ የወንድ ሙሉ ልብስ ሱሪ ከኋላ መሐል ስፌቱ ላይ ብዙ ጊዜ ትርፍ ሲኖረው ጂንስ የለውም።

5. ኤም፣ ኤል፣ ኤክስኤል የሚሉትን ብቻቸውን አትጻፊ። የቁጥር መለያም ቢሆን እንደ አገሩ ይለያያል፤ ጀርመን 36 የምትለውን ቀሚስ ፈረንሳይ 38፣ ጣሊያን 42 ትለዋለች።

6. እንግዲህ ለአንድ አባያ ከሥዕሉ በታች እንዲህ ብትጽፊ እኔ ደስ ይለኛል፦

«ቁጥሮቹ በሴንቲ ናቸው፤ የልብሱ እንጂ የገላ አይደሉም። መለያው 54 ይላል፤ ርዝመቱ ከአንገት ሥር እስከ ጠርዝ 137 ነው። ደረቱ ዙሪያውን 112፣ ዳሌው 124። ጨርቁ አይሳብም፤ ደረትዎ ከ102 በላይ ከሆነ ይጠብብዎታል። ጠርዙ የተጠለፈ ስለሆነ ማሳጠር አይቻልም። የሚስማማዎትን ልብስ ዘርግተው ለክተው ያስተያዩ። በእጅ ስለተለካ አንድ ሴንቲ ሊበልጥ ወይም ሊያንስ ይችላል።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አታፍሪባት። ጨርቅ እንደ ጣውላ አይደለም፤ ሁለት ሰው ቢለካው ሁለት ቁጥር ያገኛል።

7. ይህንኑ በኦሮምኛም ድገሚው፤ አብዛኛው ደንበኛሽ ቤቱ የሚናገረው እሱን ነው። ቁጥሮቹን ሥዕሉ ውስጥ ብቻ አትተያቸው፤ ኔትወርክ ሲደክም ሥዕሉ ሳይከፈት ጽሑፉ ይነበባል። ከሽመና ጨርቅ የተሠራ ቀሚስ ስታመጪ ደግሞ ታጥቦ እንደሆነ ጠይቂና ጻፊ፤ ያልታጠበ ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ስለሚሰበሰብ የለካሽው ርዝመት ገዢዋ ቤት ሲደርስ ሌላ ይሆናል።