ምዕራፍ 7፦ ያመለጠው ስህተት ማን ዘንድ ይቆጠራል?

በአማራ ክልል ኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ውስጥ ሰኞ ማለት የባቲ ገበያ ማለት ነው። ከሩቅም ከቅርብም የመጣ ሰው ገበያውን ጨርሶ ወደ ጤና ጣቢያ ጎራ ስለሚል የካርድ ክፍል መስኮት ፊት ሰልፉ ይረዝማል። እዚህ መስኮት ላይ አንድ ምሳሌ እንሥራ። አዲስ አበባ ያለ አንድ የሶፍትዌር ቡድን ለባቲ፣ ለከሚሴና ለሰንበቴ ጤና ጣቢያዎች የካርድ መመዝገቢያ ሥርዓት ሠርቶ አስረከበ እንበል። ቡድኑም ሆነ ከዚህ በታች ያሉት የቡድኑ ቁጥሮች ለስሌት የተፈጠሩ ናቸው። ስህተቱ ግን አማርኛ ጽሑፍ በሚፈልግ በማንኛውም ፕሮግራም ላይ የሚያጋጥም ነው።

አንድ ታካሚ ባለፈው ዓመት ሲመጣ ስሙ «መሐመድ» ተብሎ ተመዝግቧል። ዛሬ ተረኛዋ ካርድ አውጪ «መሀመድ» ብላ ትፈልጋለች። እኛ ስናነበው አንድ ሰው ነው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን ሐመሩ ሐ እና ሃሌታው ሀ የየራሳቸው መለያ ቁጥር ያላቸው ሁለት የተለያዩ ፊደሎች ናቸው።

```python
"መሐመድ" == "መሀመድ"   # False
```

ፕሮግራሙ «አልተገኘም» ይላል። ሰልፉ ረጅም ስለሆነ ካርድ አውጪዋ አዲስ ካርድ ከፍታ «ቀጣይ!» ትላለች። ሰውየው አሁን ሁለት ካርድ አለው፤ የአምናው ምርመራና የወሰደው መድኃኒት በአንደኛው ካርድ ውስጥ ተቀብሮ ቀረ። በዚህ ላይ ብዙ የዞኑ ነዋሪ ስሙን በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል፣ ይጽፋል። በመታወቂያው በቁቤ፣ በካርዱ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ስም ያለው ሰው ሦስተኛ ካርድ ሊወጣለት ይችላል።

የሙከራ ባለሙያዎቹ አዲስ አበባ ሆነው ሲፈትሹ ስሙን ራሳቸው መዝግበው፣ ራሳቸው በዚያው አጻጻፍ ስለፈለጉት ሁልጊዜ ይገኝላቸው ነበር። ስህተቱ አምልጦ ወደ ሥራ የገባው በዚህ መንገድ ነው። የኤስኬፕ ሬት ጉዳይም እዚህ ላይ ይጀምራል።

ኤስኬፕ ሬት የሚባለው ልኬት ቀላል ነው። ከተገኙት ስህተቶች ሁሉ ውስጥ ስንት በመቶዎቹ የተገኙት ሥርዓቱ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ እንደሆነ ያሳያል። ቡድናችን ከማስረከቡ በፊት 57 ስህተት አግኝቶ አርሟል እንበል። ካስረከበ በኋላ ባሉት ሦስት ወራት ከተጠቃሚዎች የደረሱት ሪፖርቶች 3 ናቸው። በድምሩ 60 ስህተት ሲሆን ያመለጠው 3 ነው፤ ማለትም 5 በመቶ። ሥራ አስኪያጁ ይህን ለአሠሪው መሥሪያ ቤት ሲያቀርብ ስብሰባው ላይ ደስታ ይሆናል።

ነገር ግን የባቲዋ ካርድ አውጪ ሪፖርት አላደረገችም። ለምን ታድርግ? ለእሷ ፕሮግራሙ አልተበላሸም፤ ታካሚው አልተገኘም፣ አዲስ ካርድ አወጣች፣ ሰልፉ ቀጠለ። ስህተት መሆኑን ብታውቅ እንኳ የሪፖርት ቅጹ በእንግሊዝኛ ነው፣ ኢንተርኔቱ ይቆራረጣል፣ ስልክ ብትደውል የሚያነሳው ሰው ማን እንደሆነ አልተነገራትም። ስለዚህ ዘዴ ዘየደች፤ ተመላልሰው የሚመጡትን ታካሚዎች የካርድ ቁጥር በደብተር ትይዛለች። ያ ደብተር የቡድኑ ትክክለኛ የስህተት መዝገብ ነው፤ ችግሩ ቡድኑ አይቶት አለማወቁ ነው።

አሁን ከቡድኑ አንዲት ባለሙያ ወደ ዞኑ ወርዳ በሦስቱ ጤና ጣቢያዎች የካርድ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ትዋል። ደብተሩን ታያለች፣ ስትጠይቅ ይነገራታል፣ ሌላ 9 ስህተት ይዛ ትመለሳለች። ስሌቱ ተለወጠ፤ ያመለጠው 12፣ ድምሩ 69፣ ኤስኬፕ ሬቱ ከ17 በመቶ በላይ። በሶፍትዌሩ ላይ አንድ መስመር እንኳ አልተነካም። ጥራቱ ያው ነው፤ ቁጥሩ ግን ከሦስት እጥፍ በላይ አደገ፣ ምክንያቱም አንድ ሰው ሄዶ አየ። ሥራ አስኪያጁ ጉርሻን ከዚህ ቁጥር ጋር ካሰረው በሚቀጥለው ጊዜ ወደ ባቲ የሚወርድ ባለሙያ አይኖርም። በእኔ እይታ የዚህ ልኬት ትልቁ ጉዳት ይህ ነው፦ የሚፈልገውን ሰው ይቀጣል፣ ዝም ያለውን ይሸልማል።

ቁጥሩን ሌላ መንገድ ይዞ ማሳነስም ይቻላል። ከማስረከብ በፊት የተገኙት 57 ስህተቶች 117 እንዲሆኑ ማድረግ ከባድ አይደለም፤ በአንድ ገጽ ላይ ያሉ አምስት የፊደል ግድፈቶችን በአንድ ፈንታ በአምስት መዝገብ ማስገባት፣ የአዝራር ቀለም ሳይቀር መመዝገብ ይበቃል። ያመለጡት 3 እንደሆኑ ቢቆዩም ድምሩ 120 ስለሚሆን ኤስኬፕ ሬቱ ወደ 2.5 በመቶ ይወርዳል። ይህ መደረጉን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከማስረከብ በፊት የተመዘገቡትን ስህተቶች በክብደታቸው ለይቶ ይመልከት። ከባድ የሚባሉት ባሉበት ቆመው ቀላሎቹ ብቻ በአንድ ጊዜ ከተመነደጉ፣ የተሻሻለው ፍተሻው ሳይሆን አመዘጋገቡ ነው።

ክብደትን ያለመቁጠር ጣጣ ምን ያህል ሊሆን እንደሚችል ሁላችንም በመጋቢት 2016 ዓ.ም. አይተናል። መጋቢት 6 ሌሊት ለመጋቢት 7 አጥቢያ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ በተፈጠረ ችግር ደንበኞች በሒሳባቸው ከሌለ ገንዘብ በኤቲኤምና በሞባይል ባንኪንግ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረ አስታወቀ፤ ብሔራዊ ባንክም ችግሩን ከሥርዓት ጥገናና ፍተሻ ሥራ ጋር አያያዘው። እንደ ባንኩ መግለጫ በእነዚያ ሰዓታት 490 ሺህ ያህል ግብይት ተካሂዶ 2.4 ቢሊዮን ብር ተንቀሳቅሷል፤ ያለአግባብ የተወሰደው ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር። አብዛኛው በኋላ ተመልሷል።

ይህን ክስተት በኤስኬፕ ሬት ሰንጠረዥ ላይ አስቀምጡት። የሚይዘው አንድ መስመር ነው። በሪፖርት ገጽ ግርጌ ላይ የተሳሳተ ፊደልም አንድ መስመር ይይዛል። 60 ስህተት አግኝቶ አንድ ብቻ ያሳለፈ ቡድን በልኬቱ ከ2 በመቶ በታች ነው፤ ያች አንዷ ግን በአንድ ሌሊት አገር የሚያነጋግር ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ ያመለጠ ስህተት ቢያንስ በሦስት ደረጃ ተለይቶ ለብቻ ለብቻ ይቀመጥ፦ ገንዘብ፣ ሕይወት ወይም መረጃ የሚያጠፋ፤ ሥራ የሚያስቆም፤ የሚያሰለች። የመጀመሪያው ደረጃ በመቶኛ አይሰላም። እያንዳንዱ በስሙ ተጠርቶ፣ የትኛው ፍተሻ ሊይዘው ይገባ እንደነበርና ለምን እንዳልያዘው ይጻፋል።

እንደ ኤስኬፕ ሬት ሁሉ በጥንቃቄ መነበብ ያለበት ሌላ ልኬትም አለ። የስህተት ጥግግት፣ በሙያው ሰዎች አነጋገር ዲፌክት ዴንሲቲ፣ የተገኘውን ስህተት በሺህ የኮድ መስመር የሚያካፍል ልኬት ነው። ሐሳቡ የቆየ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1971 የፉጂትሱው ፉሚዮ አኪያማ ከኮድ መጠን ተነስቶ የስህተት ብዛትን የሚተነብይ ቀመር አሳትሞ ነበር።

```
D = 4.86 + 0.018 L
```

L የመስመር ብዛት ሲሆን ለ1,000 መስመር ቀመሩ 23 ያህል ስህተት ይሰጣል። ከዚያ ወዲህ ያሉ ባለሙያዎች ይህን በብዙ ተችተውታል፤ ዋናው ነገር ግን መስመር መቁጠር ራሱ አሳሳች መሆኑ ነው። ወደ ቡድናችን እንመለስ። የምዝገባው ክፍል 12,000 መስመር ሲሆን 36 ስህተት አለበት፤ ጥግግቱ 3 ነው። አንድ ጎበዝ ዴቨሎፐር ተደጋግሞ የተጻፈውን 4,000 መስመር አስወገደ፤ አብረውም 4 ስህተቶች ጠፉ። አሁን 8,000 መስመርና 32 ስህተት ቀረ፤ ጥግግቱ 4 ሆነ። ሥርዓቱ አጠረ፣ ስህተቱ ቀነሰ፣ ቁጥሩ ግን «ባሰ» አለ። ይህን ቁጥር ለዴቨሎፐሮች ውጤት መስጫ ያደረገ መሥሪያ ቤት የሚያገኘው የተንዛዛ ኮድ ነው። በተለያየ የፕሮግራም ቋንቋ የሚጽፉ ሁለት ቡድኖችን በዚህ ማወዳደርም ከንቱ ነው፤ አንዱ በሦስት መስመር የሚጨርሰውን ሌላው በአሥር ይጽፈዋል።

ጥግግት የሚጠቅመው በአንድ ሥርዓት ውስጥ፣ በአንድ ቋንቋ፣ ስህተት የት እንደሚከማች ለማየት ነው። የመድኃኒት ክምችቱ ክፍል 1፣ የክፍያው 2፣ የስም ፍለጋው 9 ከሆነ የቀጣዩ ሳምንት የፍተሻ ጊዜ የት መዋል እንዳለበት ታወቀ። ነገር ግን እዚህም አንድ ጥያቄ ይቀድማል፦ ሦስቱም ክፍሎች እኩል ተፈትሸዋል ወይ? ማንም ያልነካው ክፍል ሁልጊዜ ንጹሕ ይመስላል። ከጥግግቱ አጠገብ በእያንዳንዱ ክፍል ላይ የዋለው የፍተሻ ሰዓት ካልተጻፈ ቁጥሩን ማንበብ አይቻልም።

ሌላው የሚረሳው ነገር ጊዜ ነው። ብዙ ቡድኖች ያመለጠ ስህተት የሚቆጥሩት ካስረከቡ በኋላ ላሉት 90 ቀናት ነው። ለብዙ ሥራ ይህ በቂ ሊሆን ይችላል፤ የእኛ የቀን አቆጣጠር ላለበት ሥርዓት ግን አይበቃም። ጳጉሜን ለአንድ ሳምንት እንኳ አትሞላም፤ በጥቅምት የተረከቡት ሥርዓት በ90 ቀን ውስጥ አያገኛትም። ወርሃዊ ሪፖርት የሚያወጣው ክፍል 12 ወር ብቻ እንዲያውቅ ተደርጎ ከተጻፈ በጳጉሜን የተከተቡ ሕፃናት ከነሐሴም ከመስከረምም ሪፖርት ውጭ ይቀራሉ፤ ስህተቱ ግን ልኬቱ ከተዘጋ ከወራት በኋላ ነው የሚታየው። ጳጉሜን 6 ደግሞ የምትመጣው በአራት ዓመት አንዴ ነው። የመጨረሻዋ በ2015 ዓ.ም. ነበረች፤ ቀጣይዋ በ2019 ዓ.ም. ናት። በመካከል የተሠራ ሥርዓት ሁሉ ያችን ቀን በሥራ ላይ አላያትም። እንዲህ ያለው ስህተት በየትኛውም የ90 ቀን ኤስኬፕ ሬት ውስጥ አይገባም፤ የሚያዘው የኮምፒዩተሩን ቀን ወደ ጳጉሜን 6 ቀን 2019 ዓ.ም. አዙሮ አንድ ሕፃን በመመዝገብ፣ ከዚያ የወሩንና የዓመቱን ሪፖርት አውጥቶ ሕፃኑ በሁለቱም ውስጥ መኖሩን በማየት ነው። ሙከራው ከአንድ ሰዓት በላይ አይወስድም፤ ከሚሴ ሄዶ የካርድ ክፍል ውስጥ ከመዋልም ይቀላል፤ ሁለቱም ግን በቀጣዩ ሪሊዝ ዕቅድ ላይ ከነኃላፊያቸው ስም መጻፍ አለባቸው።