ጸጥታን የሚጨበጥ ማድረግ፦ የአንድ ጣና ዳር ሎጅ የብሮሸር አንቀጽ ቋንቋዊ ትንተና

አኅጽሮት

ይህ አጭር ጽሑፍ በሐይቅ ዳር የሚገኝን ሎጅ የሚያስተዋውቅ የብሮሸር አንቀጽ ጸጥታንና መልክዓ ምድርን ለአንባቢ እንዴት ተጨባጭ ሊያደርግ እንደሚችል ይመረምራል። ለትንተናው በዘጌ ልሳነ ምድር፣ በጣና ሐይቅ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ፣ እንዳለ የታሰበ ሎጅ ተመርጧል፤ ሁለቱም ናሙና አንቀጾች ለዚሁ ጽሑፍ የተዘጋጁ ናቸው። ትኩረቱ በሦስት ነጥቦች ላይ ነው፦ በቃል ምርጫ፣ በድምፅ አጠቃቀምና በዓረፍተ ነገር አወቃቀር።

የተለመደው አንቀጽ

የመጀመሪያው ናሙና የሚከተለው ነው።

«ሎጃችን በውቡ ጣና ሐይቅ ዳርቻ፣ እጅግ ማራኪ በሆነ ተፈጥሯዊ መልክዓ ምድር የተከበበ፣ ፍጹም ጸጥታ የሰፈነበትና ከከተማ ጫጫታ የራቀ፣ አእምሮን የሚያድስ ልዩ የመዝናኛ ስፍራ ነው።»

ዓረፍተ ነገሩ የሰዋስው ግድፈት የለበትም። ድክመቱ የሚታየው «ጣና» በሚለው ስም ፋንታ «ላንጋኖ» ወይም «ሐዋሳ» ሲተካ ነው፤ የተቀረው ሁሉ እንዳለ ይቆያል፣ ሐሰት የሚሆን አንድም ቃል አይገኝም። በአንጻሩ የውኃውን ቀለም የሚጠቅስ ዓረፍተ ነገር ወደ ላንጋኖ ሊሻገር አይችልም፤ የላንጋኖ ውኃ ቡናማ ነውና። ስለዚህ የስም ልውውጡ ቀላል መፈተኛ ነው፦ ቦታው ሲለወጥ ሐሰት የማይሆን ገለጻ ስለ ቦታው የነገረን ነገር የለም።

«ጸጥታ» የሚለው ቃል

ቀጣዩ ችግር በቃሉ ላይ ነው። በዛሬው አማርኛ «ጸጥታ» የድምፅ አለመኖርን ብቻ ሳይሆን የአካባቢን ደኅንነትም ይገልጻል፤ «የጸጥታ ኃይል»፣ «የጸጥታ ችግር» የሚሉት አባባሎች በየዜናው ይሰማሉ። በመሆኑም «ጸጥታ የሰፈነበት» የሚለው ሐረግ አንባቢውን ስለ ዕረፍት ሳይሆን ስለ ጥበቃ እንዲያስብ ሊያደርገው ይችላል። ተቀራራቢ የሆኑት ቃላትም እርስ በርሳቸው አይተካኩም። «ጭር ያለ» ሰው የተለየውን፣ ገበያው የተበተነበትን ቦታ ያመለክታል፤ ለሎጅ ሲውል እንግዳ የራቀው ቤት ያስመስለዋል። «እርጭ ያለ» ደግሞ ለሌሊት ይስማማል፤ ለቀትር ሲነገር ይከብዳል።

ከስሙ ይልቅ ግሣዊው ቅርጽ፣ ማለትም «ጸጥ አለ»፣ ለዚህ ዓላማ ይመቻል። ይህ ቅርጽ ጸጥ ያለውን ነገርና ሰዓቱን እንዲጠቅስ ጸሐፊውን ያስገድደዋል። ጸጥ ያለው ውኃው ነው? ነፋሱ ነው? ጠዋት ነው ወይስ ማታ? ስሙ ግን እነዚህን ጥያቄዎች ሁሉ ሸፍኖ ያልፋል።

ጸጥታ በድምፅ ሲገለጽ

ጸጥታ በራሱ አይሰማም፤ የሚታወቀው በውስጡ ሊሰማ በሚችለው ትንሽ ድምፅ ነው። ደካማ ድምፅ ከሩቅ የሚሰማው የአካባቢው ጩኸት ዝቅተኛ ሲሆን ብቻ ነው። ስለዚህ የታንኳ መቅዘፊያ ውኃ ሲነካ በረንዳ ላይ ይሰማል ብሎ መጻፍ፣ «ጸጥታ» የሚለውን ቃል ሳይጠሩ መጠኑን መንገር ነው። አንባቢው ርቀቱንና የድምፁን ትንሽነት አገናዝቦ መደምደሚያውን ራሱ ይደርስበታል።

በአሉታ መግለጽ ግን ተቃራኒ ውጤት አለው። «የመኪና ጩኸት የማይሰማበት» የሚለው ሐረግ በመጀመሪያ የሚያስታውሰው መኪናን ነው፤ አማርኛ ግሡንና አሉታውን በመጨረሻ ስለሚያመጣ፣ አንባቢው ጩኸቱን ሰምቶ ካበቃ በኋላ ነው የሚከለከለው።

ሐይቅ ዳር ላይ ሌላም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የረጋ የውኃ ወለል ድምፅን ከመምጠጥ ይልቅ ያንጸባርቃል፤ በመሆኑም መቅዘፊያውን ወደ በረንዳው የሚያደርሰው ወለል የሞተር ጀልባንም ያደርሳል። በዘጌ ገዳማት አሉ፤ በአቅራቢያቸው ያደረ እንግዳ የደወልና የማኅሌት ድምፅ ሊሰማ ይችላል። ይህ ለብዙዎች ጸጋ ነው፤ «ፍጹም ጸጥታ» ተብሎ ቃል የተገባለት እንግዳ ግን እንደ ማታለል ሊቆጥረው ይችላል።

መልክዓ ምድርና የዓረፍተ ነገር ቅደም ተከተል

በአማርኛ ቅጽል ሐረጎች ከስሙ በፊት ይደረደራሉ። የመጀመሪያው ናሙና «የተከበበ»፣ «የሰፈነበት»፣ «የራቀ»፣ «የሚያድስ» እያለ አራት ገላጮችን አከታትሎ «ስፍራ» ከሚለው ስም ላይ የሚደርሰው በመጨረሻ ነው። አንባቢው ገላጮቹን የሚያሳርፍበት ነገር ሳያገኝ ተሸክሟቸው ይጓዛል፤ ምስልም አይፈጠርለትም። መፍትሔው ዓረፍተ ነገሩን ማሳጠርና ዓይን የሚጓዝበትን መንገድ መከተል ነው፤ ተመልካቹ የቆመበት፣ ፊቱ የዞረበት አቅጣጫ፣ ከዚያም ቅርቡና ሩቁ በየተራ ይቀመጣሉ።

በእነዚህ ነጥቦች መሠረት የተዘጋጀው ሁለተኛ ናሙና ይህ ነው።

«ከበረንዳዎ እስከ ውኃው ሠላሳ ርምጃ ነው። በረንዳው ወደ ምሥራቅ ስለሚያይ ፀሐይ ከሐይቁ ላይ ስትወጣ ይመለከታሉ። ጠዋት 12 ሰዓት ገደማ ዓሣ አጥማጆች በደንገል ታንኳ ያልፋሉ፤ ነፋስ ከሌለ መቅዘፊያቸው ውኃ ሲነካ ይሰማዎታል። ከጎጆዎቹ ጀርባ የዘጌ ቡና በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል። ረፋድ ላይ ጀልባዎች ጎብኚዎችን ይዘው ወደ ገዳማቱ ይመላለሳሉ፤ ሲመሽ ውኃው እንደገና ጸጥ ይላል።»

በዚህ አንቀጽ ውስጥ «ውብ»ም ሆነ «ማራኪ» የሚል ቃል የለም። «ጣና» የሚለው ስም ባይጠቀስም አንቀጹ ወደ ሌላ ሐይቅ ሊዛወር አይችልም፤ ደንገሉ፣ ቡናውና ገዳማቱ በአንድነት ቦታውን ይለያሉ። የረፋዱ ጀልባ መጠቀሱም ጸጥታውን አያፈርስም። ጫጫታ ያለበትን ሰዓት ያመነ ጽሑፍ ስለ ሌሎቹ ሰዓታት የሚናገረው ይታመናል።

የማረጋገጫ ሥራና ገደቡ

ተጨባጭ ቃል በቀላሉ ሊፈተን ስለሚችል ስሕተቱም ወዲያው ይጋለጣል። የሠላሳ ርምጃውን ነገር ለአብነት መውሰድ ይቻላል። የጣና ውኃ ከክረምቱ ዝናብ በኋላ በመስከረምና በጥቅምት ከፍ ይላል፤ በግንቦትና በሰኔ መጀመሪያ ደግሞ ዝቅ ይላል። ዳርቻው ዘቅዛቃነቱ አነስተኛ በሆነበት ቦታ በጥቅምት የተቆጠረው ርምጃ በግንቦት ጭቃ ላይ ሊያቆም ይችላል። ስለዚህ ርቀቱ ውኃው ዝቅ ባለበት ወቅትም መለካት፣ ልዩነቱ ሰፊ ከሆነም ወሩ መጠቀስ አለበት።

ለድምፅም ተመሳሳይ ሥርዓት ይሠራል። ጸሐፊው በበረንዳው ላይ በማለዳ፣ በቀትርና በምሽት ሩብ ሰዓት ያህል ተቀምጦ የሰማውን ሁሉ ይመዘግባል፤ ይህንንም በተለያዩ ቀናት ይደግማል። በአንቀጹ የሚገባው በተደጋጋሚ የተመዘገበው ብቻ ነው። ጄኔሬተር በየምሽቱ የሚነሣ ከሆነ «ሲመሽ ውኃው ጸጥ ይላል» የሚለው ሐረግ መውጣት ይኖርበታል፤ በቅጽል ሊሸፈን አይችልም።

አካሄዱ ገደብ አለው። የድምፆች ብዛት ጸጥታን መልሶ ያጠፋል፤ በስድስት ዓረፍተ ነገር ውስጥ አንድ ድምፅ በቂ ነው፣ ሁለት ከሆኑም በተለያየ ሰዓት መሆን አለባቸው። በተጨማሪም አንቀጹ የተጻፈው ለአንድ በረንዳ ነው፤ ከጎጆዎቹ ገሚሱ ወደ ጫካው የሚያዩ ከሆነ፣ «በረንዳው ወደ ምሥራቅ ስለሚያይ» የሚለው ለሁሉም እንግዳ እውነት አይሆንም። በዚህ ጊዜ ስለየትኞቹ ጎጆዎች እንደሚነገር መለየት የጸሐፊው ግዴታ ነው።