የስልክ ክፍያ ማስታወቂያ እንዴት ይጻፋል?

የሞባይል ክፍያ ማስታወቂያ ብዙውን ጊዜ የሚከሽፈው ሁሉንም አገልግሎት በአንድ ጊዜ ለመናገር ሲሞክር ነው። ሐዋላ፣ የመብራት ሒሳብ፣ ብድርና ቁጠባ በ30 ሴኮንድ ውስጥ ከተደረደሩ አድማጩ የሚይዘው ቢበዛ የድርጅቱን ስም ነው።

ለዚህ ጥሩ ትምህርት የሚሆነው የኬንያው ኤም-ፔሳ ነው። አገልግሎቱ እ.ኤ.አ. በ2005 በሙከራ ደረጃ ሲጀመር የታሰበው ለአነስተኛ ብድር መክፈያ ነበር። ተጠቃሚዎቹ ግን እርስ በርስ ገንዘብ መላላኪያ አደረጉት። ሳፋሪኮም ይህን አይቶ እ.ኤ.አ. በማርች 2007 ለገበያ ሲያቀርበው ማስታወቂያው ብድርን አላነሳም። መልእክቱ በእንግሊዝኛ ሦስት ቃላት ብቻ ሲሆን ትርጉሙ «ገንዘብ ወደ ቤት ላኩ» የሚል ነው። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ጽሑፉ መነሳት ያለበት አቅራቢው ሊሸጥ ከሚፈልገው ሳይሆን ደንበኛው ሲያደርግ ከታየው ነገር መሆኑን ነው።

ይኸው አሠራር ለአዲስ አበባ ነጋዴ ሲተረጎም ምን ይመስላል? አንድ አቅራቢ ሱቆች በመለያ ቁጥር ክፍያ የሚቀበሉበትን አገልግሎት በሬዲዮ ያስተዋውቃል እንበል። ነጋዴው የሚፈራው ቴክኖሎጂውን አይደለም። ገዢው «ልኬያለሁ» ብሎ በራሱ ስልክ ላይ ያለ መልእክት አሳይቶ ዕቃውን ይዞ ይሄዳል፤ ምሽት ላይ ሒሳቡ ሲታይ ገንዘቡ የለም። መልእክቱ የቆየ ወይም የተቀነባበረ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ጽሑፉ መጀመሪያ መመለስ ያለበት ይህንን ሥጋት ነው።

የ30 ሴኮንድ ናሙና

(የገበያ ድምፅ)
ገዢ፦ ጋሼ፣ ሁለት ሺህ አራት መቶውን ልኬልሃለሁ፤ ይኸው እየው።
ነጋዴ፦ ያንተን ስልክ ተወው ልጄ፤ የኔ ይናገር።
(የመልእክት ድምፅ)
ነጋዴ፦ አዎ፣ ሁለት ሺህ አራት መቶ ገብቷል። ዕቃህን ውሰድ።
አስተዋዋቂ፦ ገንዘብዎ ሲገባ መልእክቱ በራስዎ ስልክ ይደርስዎታል። መልእክት ካልደረሰዎ ዕቃ አይስጡ። መታወቂያዎንና የንግድ ፈቃድዎን ይዘው ወደ አቅራቢያዎ ወኪል ይሂዱ፤ የሱቅዎን ቁጥር ይውሰዱ።

በናሙናው ውስጥ «አስተማማኝ» የሚል ቃል የለም። እምነት የሚፈጠረው አድማጩ ማረጋገጫው በማን ስልክ እንደሚመጣ ሲሰማ ነው። ነገር ግን የተጭበረበረ መልእክት በነጋዴው ስልክም ሊላክ ስለሚችል፣ ወኪሉ ቁጥሩን ሲሰጥ ቀሪ ሒሳብን ማየትንም ማስተማር ይኖርበታል። ይህን በማስታወቂያው ውስጥ መጨመር ግን ጽሑፉን ያጨናንቀዋል።

ቅለትም እንዲሁ «ቀላል ነው» በማለት አይገለጽም። በናሙናው ሽያጩ በሦስት አጫጭር ንግግሮች ተጀምሮ ያልቃል። ጽሑፉ ጮክ ተብሎ በሰዓት ሲነበብ ከ30 ሴኮንድ ካለፈ መቀነስ ያለበት የአስተዋዋቂው ንግግር እንጂ የመልእክቱ ድምፅ ወይም የነጋዴው መልስ አይደለም።

የመጨረሻው ጉዳይ የመጀመሪያው እርምጃ ነው። «መተግበሪያውን ያውርዱ፣ ይደውሉ ወይም ቅርንጫፍ ይምጡ» የሚል ማስታወቂያ ሦስት በር ከፍቶ አድማጩን ከደጅ ያቆመዋል። እርምጃው አንድ ብቻ መሆን አለበት፤ ይዞት የሚሄደው ወረቀትና የሚቀበለው ነገርም መጠራት አለባቸው።

ውጤቱን ለመለካት ሦስት ቁጥሮች ይበቃሉ። ለምሳሌ ያህል ማስታወቂያው በተነገረበት ሳምንት 200 ነጋዴዎች ወኪል ዘንድ ቀረቡ፣ 160ው ቁጥር ወሰዱ፣ በሰባት ቀን ውስጥ ክፍያ የተቀበሉት ግን 30 ብቻ ናቸው እንበል። ማስታወቂያው ሥራውን ሠርቷል፤ የምዝገባው ሂደትም ደህና ነው። ችግሩ ያለው ከምዝገባ በኋላ ነው፦ ቁጥሩ ሱቁ ላይ አልተለጠፈም፣ መልእክቱ ይዘገያል ወይም ገዢዎቹ አገልግሎቱን አያውቁትም። በአንጻሩ ወኪል ዘንድ የቀረቡት 20 ብቻ ቢሆኑ መጀመሪያ መመርመር ያለበት ጽሑፉና የተነገረበት ሰዓት ይሆን ነበር።

መልእክቱ የሚዘገይ ከሆነ ደግሞ ይህ ናሙና ጭራሽ መተላለፍ የለበትም። «የኔ ይናገር» ያለው ነጋዴ ስልኩ ዝም ካለው የሚያጣው በአገልግሎቱ ላይ ያለውን እምነት ስለሆነ፣ በሁለተኛ ማስታወቂያ እሱን መመለስ ከመጀመሪያው የከበደ ነው።