የአሊሎች ሚዛን በሙሶማ

አንቶኒ አሊሰን እ.ኤ.አ. በ1956 ባሳተመው ጥናት፣ በዛሬዋ ታንዛኒያ በሙሶማ አካባቢ የተመረመሩ 654 አዋቂዎችን እናገኛለን። መደበኛውን የሄሞግሎቢን አሊል A፣ የሲክል ሴል ሕመም አምጪውን S እንበል። AA 400፣ AS 249፣ SS 5 ነበሩ።

እያንዳንዱ ሰው ሁለት አሊሎች ስላሉት ጠቅላላው 1308 ነው። የS አሊሎች 249 + 2 × 5 = 259 ስለሆኑ ድግግሞሻቸው q = 259/1308 = 0.198፣ የA ደግሞ p = 0.802 ይሆናል።

ሕዝቡ በሃርዲ-ዋይንበርግ ሚዛን ላይ ቢሆን ኖሮ AS 2pq × 654፣ ማለትም 208 ያህል፣ SS ደግሞ q² × 654፣ ማለትም 26 ያህል በሆኑ ነበር። AA 421 ያህል ይሆናሉ። የእያንዳንዱን ልዩነት ካሬ ለተጠባቂው ቁጥር አካፍለን ስንደምር 26 ገደማ እናገኛለን። በ5 በመቶ የስሕተት ደረጃ ወሰኑ 3.84 በመሆኑ፣ ልዩነቱን በአጋጣሚ ልናሳብብ አንችልም።

ሆኖም ስሌቱ መዛባቱን እንጂ ምክንያቱን አይነግረንም። ፍንጩ ከዚያው አካባቢ 287 ሕፃናት ይገኛል፤ 89 AS እና 9 SS ነበሩ፤ ተጠባቂዎቹም 87 እና 10 ናቸው። በሕፃንነት ያለው ሚዛን በዕድገት ዘመን ፈርሷል ማለት ነው፤ SSን ሕመሙ፣ AAን ወባ ሲቀንስ፣ AS በብዛት ተርፈዋል።