ከታች ወደ ላይ የሚጻፍ ገጽ

«ዛሬ ምን ተማርክ?» ተብሎ «ምንም» ያላለ ልጅ ካለ ይሸለም። «ውሃው ሲደርቅ ጨው ለምን አብሮት አልሄደም?» ብላችሁ ስትጠይቁት ግን ወሬው ይጀምራል። መምህራን፣ በየሳምንቱ ለቤተሰብ የምትልኩት የክፍል ደብዳቤ ዋና ሥራው እንዲህ ያለውን አንድ ጥያቄ ወላጅ እጅ ማድረስ ነው።

ሀራሙስን እንውሰድ። ኤምባሲዎችና ቪላዎች ባሉበት በዚህ የጅቡቲ ከተማ ሰፈር የሰው ቤት እየሠራች ልጅ የምታሳድግ አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት እናስብ። ልጇ የሚማረው በፈረንሳይኛ ነው። ከትምህርት ቤት የሚመጣው «ካዬ ደ ሊዬዞን»፣ እኛ አገር የግል ትምህርት ቤቶች «ኮሙኒኬሽን ቡክ» የሚሉት፣ ለእሷ የተዘጋ ነው። ስለዚህ አማርኛውን ከፈረንሳይኛው ጎን በቀጭን ዓምድ አታጭቁት። አንዱን ቋንቋ በፊት ገጽ፣ ሌላውን በጀርባ አድርጉት። የሁለቱም አቀማመጥ አንድ ዓይነት ከሆነ ልጁ «ይኼ እኮ እዚህ ጋ ነው» እያለ ለእናቱ ያሳያል።

አሁን ወደ ገጹ። ብዙዎቻችን የምንጀምረው ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ቋንቋ እያልን የተማሩትን በመዘርዘር ነው። የቤቱ ሥራ ቦታ ሲያልቅ ግርጌ ላይ ተጨናንቆ «ልጆችዎን ያስነብቡ» የሚል ይሆናል። ይህን ማንም አይሠራውም፤ መቼ፣ በምን፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አይናገርምና። እናንተ ግርጌውን መጀመሪያ ጻፉት። ከዚያ ወደ ላይ ውጡ።

የአራተኛ ክፍል ሳምንት ስለ ትነት ነበር እንበል። መጀመሪያ የምትጽፉት የቤቱን ሥራ ነው፤ የገጹንም ግማሽ ስጡት፦ «በግማሽ የሻይ ብርጭቆ ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ያሟሙ። ጠቆር ባለ ዝርግ ሳህን ላይ ስስ አድርገው ያፍስሱና ፀሐይ ላይ ያስቀምጡ። ልጅዎ ጠዋትና ማታ ያየውን ይሳል።» ጠቆር ያለ ሳህን ያልነው በነጭ ሳህን ላይ ጨው ስለማይታይ ነው። በወፍራሙ ከተፈሰሰ ደግሞ ከባሕሩ በሚመጣው እርጥበት የተነሳ መድረቁ ይዘገይና ልጁ ይሰለቻል። ይህን አንድ መስመር ጨምሩበት፤ አለበለዚያ እናት «አልተሳካልኝም» ብላ ትደፋዋለች።

ቀጥሎ ጥያቄው ይጻፋል። ቦታው ግን ከገጹ አናት፣ ከክፍሉ ስምና ከቀኑ ሥር ነው፤ ሥራ የዋለ ሰው ሌላውን ባያነብ እንኳ ይህን ያነባል። በመጨረሻ በመካከል ለተማሩት ሁለት ወይም ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ «ፀሐይ ውሃን ወደ አየር ታወጣለች፤ የሟሟው ጨው ግን ይቀራል። ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ የሚገኘው የአሳል ሐይቅ ዳር በጨው የነጣው በዚህ ምክንያት ነው።» የምዕራፍ ቁጥርና የሥርዓተ ትምህርት ቋንቋ እዚህ አይገባም። ለርእሰ መምህሩ የሚጻፍ ሪፖርት ሌላ ነው።

«ይህን ያህል አጭር ነገር ምን ይፈይዳል?» የሚል አይጠፋም። ማቲው ክራፍትና ቶድ ሮጀርስ በ2015 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ይመልስለታል። አሜሪካ ውስጥ በክረምት ማካካሻ ትምህርት ላይ መምህራን ስለ እያንዳንዱ ተማሪ በሳምንት አንድ ዓረፍተ ነገር ለወላጅ እንዲደርስ አደረጉ። ትምህርቱን ሳያልፉ የቀሩት ከ15.8 ወደ 9.3 በመቶ ወረዱ። ይበልጥ ውጤት ያሳየውም ከሙገሳው ይልቅ ተማሪው ምን ቢያሻሽል እንደሚበጅ የሚናገረው መልእክት ነበር። እነዚያ ትልልቅ ተማሪዎች ናቸው፤ መልእክቱም ስለ አንድ ልጅ እንጂ ስለ ክፍሉ አልነበረም። ስለዚህ ከግርጌ ሁለት ባዶ መስመሮች ተዉ፤ በእጃችሁ ለዚያ ልጅ ብቻ የምትጽፉባቸው።

ፊደሉን አታሳንሱት። ፎቶ ኮፒ ሲደጋገም የፊደሎቻችን ትንንሽ ቅጥያዎች ይጠፋሉ፤ «ሱ» እና «ሲ» ሁለቱም «ሰ» መስለው ይቀራሉ። 14 ነጥብ ካልበቃው ጽሑፉን ቀንሱ። በዋትስአፕ የምትልኩ ከሆነ ደግሞ እንደ ፎቶ ላኩት፤ ፋይል ከፍቶ ለማንበብ የሚቸገር ወላጅ ብዙ ነው።

ጅቡቲ ዓርብና ቅዳሜ ዕረፍት ስለሆነ ገጹ ሐሙስ ቤት ይግባ፤ ሳህኑ ሁለት ቀን ፀሐይ ያገኛል። እሑድ ጠዋት ልጆቹ ሥዕላቸውን ይዘው ሲመጡ ቁጠሩት። ከክፍሉ ግማሽ ያህሉ ካላመጡ ወላጆችን ከመውቀሳችሁ በፊት መመሪያውን እንደገና አንብቡት፤ ቤት ውስጥ የማይገኝ ዕቃ ጠይቃችሁ ወይም ሁለት ሥራ በአንድ ላይ አዝዛችሁ ሊሆን ይችላል። የሚቀጥለውን ሐሙስ ገጽ ዛሬ ከግርጌው ጀምሩት።